ከአሮጌው ፎንት ወደ የትኛው ፋይል? ለቢሮአችን ሠራተኞች የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለቢሮአችን ባልደረቦች በሙሉ፣ ለሐዋሳ ቅርንጫፍም ጭምር

ጉዳዩ፦ የጋራ ሰነዶቻችንን በአዲስ ዓይነት ፋይል ስለመያዝ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለችው አብረን ከምንሠራው ድርጅት ነው፤ ጠዋት ደብዳቤ ልከንላት ነበር። «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ደብዳቤያችሁ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?» አለችኝ። ያየችውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከላይ ዓርማችን አለ። ከታች አድራሻችን አለ። መሃሉ ላይ ያለው ግን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ የተደባለቀበት ሁለት ገጽ ነው። የጻፍነው የጄኔሬተር ጥገና ውል ስለማራዘም ነበር።

እዚህ ቢሮ ውስጥ ያንኑ ፋይል ስከፍተው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ጸሐፊያችንም ምንም አላጠፋችም። ላለፉት ዓመታት ሁላችንም እንደምንሠራው ነው የሠራችው፤ በ.doc ፋይል፣ በአሮጌው የግእዝ ፎንት።

ስለዚህ ልንቀየር ነው። ወደ ምን እንደምንቀየር ከመንገሬ በፊት የነበሩንን አማራጮች አንድ በአንድ ላሳያችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ለምን ጉግል ዶክስ አይሆንም?» ብላችሁኛል። የመዝገብ ቤታችን ጋሼ ደግሞ «ምን ቸገረን፣ ያለው ይሥራ» ብለዋል። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል።

መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ፋይሉ

እኔም ብሆን መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ችግሩ .doc መሆኑ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤው የሚያነሳውን የጄኔሬተር ውል ወርድ ላይ ከፍቼ File > Info > Convert አልኩት፤ ፋይሉ .docx ሆነ። ደስ ብሎኝ ለራሴ በቴሌግራም ላክሁትና በስልኬ ከፈትኩት። ያው ዝባዝንኬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌው ፎንት «ሰላም» ብለን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው ሰ፣ ላ፣ ም አይደለም። የሚቀመጡት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ፎንቱ ለእነዚያ ምልክቶች የአማርኛ ልብስ ያለብሳቸዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቅና ከሥር ያለው ይታያል። ያን ጊዜ ለአንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደላችንን በሁለትና በሦስት ፎንት አካፍለው አስገቡት። በጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበር። እነሱ ባይኖሩ ያኔ በአማርኛ የሚጽፍ ኮምፒውተር አናይም ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በሦስተኛው ዕትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሀ የራሱ ቁጥር አለው፤ 1200 ነው። ለ ደግሞ 1208 ነው። ይህ ቁጥር በስልክም፣ በማክም፣ በዊንዶውስም አንድ ነው። ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ሌላ የአማርኛ ፎንት ፈልጎ ይተካበታል። መልኩ ይለወጥ ይሆናል እንጂ ንባቡ አይለወጥም።

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉን። አንዱ ፊደሉ በምን ተጻፈ የሚለው ነው፤ ሌላው በምን ዓይነት ፋይል ተቀመጠ የሚለው ነው። .docx ማድረግ ሁለተኛውን ብቻ ይፈታል። ጆንያውን ቀየርን እንጂ እህሉ ያው ነው።

አንድ ሰነድ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ Saved Messages ውስጥ ለጥፉት። ቴሌግራም የፎንቱን ልብስ ይጥለዋል። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ዝባዝንኬ ከሆነ አሮጌው ነው። አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ኢንተርኔት ከሌለ ኖትፓድ ላይ መለጠፍም ያው ነው።

ፓወር ግእዝ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። አዲሶቹ ዕትሞች በዩኒኮድም ይጽፋሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከምትመርጡት ፎንት ነው። የፎንቱ ስም ሳጥን ውስጥ Ge'ez-1 የሚል ካለ አሮጌው ነው። Power Geez Unicode1 የሚል ካለ ዩኒኮድ ነው። ስለዚህ ጣታችሁ የለመደውን የኪቦርድ አቀማመጥ መጣል የለባችሁም። ይህን የምለው በተለይ ለጸሐፊያችን ነው፤ «እንደገና እንደ ጀማሪ ልለቅም ነው?» ብላ ስለተጨነቀች።

ያለው ይሥራ ብንልስ?

ጋሼ ያነሱት ሐሳብ ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት። አሮጌው አሠራር በነጻ ነው፤ ሁሉም ለምዶታል፤ ማተሚያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያምራል። ደብዳቤያችን ሁልጊዜ ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት በእጅ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ እኔም «ያለው ይሥራ» እል ነበር።

ግን አሁን ከምንልከው አብዛኛው በቴሌግራምና በኢሜይል ነው የሚሄደው። ተቀባዩም የሚከፍተው በስልኩ ነው። ስልክ ላይ የአሮጌው ፎንት የለም፤ አይኖርምም።

ሁለተኛው ችግር ፍለጋ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ባለፈው ወር «ጥገና» የሚል ቃል ያለበትን ውል ሁሉ እንዲፈልግ ጠይቄው ነበር። ኮምፒውተሩ አንድም አላገኘም። በአንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ነበሩ። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ በእሱ ዘንድ «ጥገና» የሚል ቃል በዚያ ፎልደር የለም። የላቲን ምልክቶች ብቻ ናቸው ያሉት። የሠራተኞችን ስም በፊደል ተራ ደርድርልኝ ስትሉትም የሚደረድረው በነዚያ ምልክቶች ቅደም ተከተል ነው። በዩኒኮድ ከሆነ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ በሥርዓቱ ይሄዳል።

ጉግል ዶክስ

ወጣቶቹ ይህን ነው የምትፈልጉት። ምክንያታችሁም ልክ ነው። ዓመታዊ ዕቅዱን አምስት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ አብረን ስንጽፍ ከዚህ የተሻለ የለም። ማን ምን እንደለወጠ ይታያል፤ የትናንቱን መልሶ ማየት ይቻላል። «ዕቅድ የመጨረሻ»፣ «ዕቅድ የመጨረሻ የታረመ»፣ «ዕቅድ የመጨረሻ ትክክለኛው» የሚባል ጣጣም የለም። በላዩ ላይ ደግሞ ከመነሻው ዩኒኮድ ስለሆነ የፊደሉ ጥያቄ ተዘግቷል።

ታዲያ ለምን ለሁሉም ነገር አልመረጥኩትም? ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ አለው። ግን ያ መንገድ አስቀድሞ፣ ኔትወርኩ እያለ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ መከፈት አለበት። ኔትወርኩ ከሄደ በኋላ ላብራው ቢሉ አይሆንም። የሐዋሳ ቅርንጫፋችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በስልክ ዳታ ነው የሚሠራው።

የበለጠ ያስፈራኝ ሌላ ነው። ጉግል ዶክስ ላይ ሰነድ ባለቤት አለው። ባለቤቱ በግል ጂሜይሉ የከፈተው ሰው ነው። ያ ሰው ሥራ ቢለቅና አካውንቱን ቢዘጋ ሰነዱም አብሮት ይሄዳል። ይህ በቀደመው መሥሪያ ቤቴ ደርሶብኛል። የአንድ ዓመት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአንዲት የለቀቀች ባልደረባ ስም ነበር። ደግነቱ ስናስታውሳት መለሰችልን። ቢሮው በራሱ ስም የተከፈለበት አካውንት ኖሮት ሁሉንም በዚያ ቢያደርግ ይህ አይነሳም። እኛ ለዚያ በጀት ገና አልያዝንም።

ሌላው ነገር ገጽ ነው። ከጉግል ዶክስ ወደ ወርድ ሲወርድ ሠንጠረዥ ይንሸራተታል፤ ፊርማ የሚያርፍበት መስመር ወደ ቀጣዩ ገጽ ይወርዳል። ለዕቅድ ችግር የለውም። ለውል ግን ፊርማው ብቻውን በባዶ ገጽ ላይ ሲቀር የሚፈርም የለም፤ እኔም አልፈርምም።

ሊብሬኦፊስና .odt

ይህን ያነሳው የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛችን ነው። ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል፤ በሕጋዊ መንገድ በነጻ። .odt ደግሞ ማንም ሊሠራበት የሚችል ክፍት ደረጃ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ክራክ በተደረገ ወርድ ከመሥራትና ቫይረስ ከመሸመት ይሻላል የሚለው ክርክሩ አሳምኖኛል።

ያላሳመነኝ የፋይሉ ዓይነት ነው። አጋሮቻችን ሁሉ ወርድ ነው የሚጠቀሙት። ወርድ .odt ይከፍታል፤ ግን በተመላለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። አንድ ጊዜ የሠንጠረዡ ወርድ፣ ሌላ ጊዜ የአንቀጹ ቁጥር። ውል ደግሞ በሁለታችን መካከል አራትና አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ መሃል ቦታ ላይ ቆሜአለሁ። ወርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሊብሬኦፊስ ይጫናል። ሲቀመጥ ግን በ.docx ነው የሚቀመጠው። ሊብሬኦፊስ ሲያስቀምጡ የራሱን ዓይነት እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል። Word የሚል ስም ያለበትን ተጫኑ።

ውሳኔው

ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ አዲስ የሚጻፍ ማንኛውም የጋራ ሰነድ በዩኒኮድ ፊደል ተጽፎ በ.docx ይቀመጣል። ተፈርሞ ያለቀ ነገር ወደ ፒዲኤፍ ይለወጣል። ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጽፈው ረቂቅ በጉግል ዶክስ ሊጀመር ይችላል። ሲያልቅ ግን ወርዶ ወደ .docx ይገባል፤ ጉግል ላይ አይከርምም።

ፎንቱን በሚመለከት ብዙ አቅማምቻለሁ። Nyala ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዊንዶውስ 10ና 11 ግን አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አታገኙትም፤ Ethiopic Supplemental Fonts የሚለውን ለብቻ ማስገባት ያስፈልጋል። Abyssinica SIL በነጻ የሚገኝ ነው፤ ንባቡም ደስ ይላል። የብራና ጽሕፈት መልክ አለው። ሁለቱ የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው፤ የራሳቸው ወፍራም ፊደል የላቸውም። B የምትለዋን ስትጫኑ ወርድ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል። ጨ፣ ዥ፣ ጰ በትንሽ መጠን ሲታተሙ ቀዳዳቸው በቀለም ይደፈናል። የሒሳብ ሠንጠረዦቻችን አርዕስት ለምን የጠቆረ እንደሚመስል አሁን ገባችሁ።

ስለዚህ የመረጥኩት Noto Serif Ethiopic ነው። በነጻ ነው፤ ጉግል ዶክስ ውስጥም አለ፤ ወፍራሙ ለብቻው የተሠራ ነው። ሰያፍ የለውም፤ ፊደላችን መቼም ሰያፍ አያውቅምና አላዘንኩም። ፎንቱን የጥገና ሠራተኛችን በየኮምፒውተሩ እየዞረ ይጭናል፤ ለሐዋሳ በቴሌግራም ይላካል።

ለመጻፍ ፓወር ግእዝ ያለው በዩኒኮዱ ይቀጥል። የሌለው ደግሞ ኪማን በሚባለው ፕሮግራም ላይ የGFF አማርኛ ኪቦርድ ይጫንለታል። በድምፁ ነው የሚጻፈው። selam ብላችሁ ስትመቱ ሰላም ይወጣል።

የጄኔሬተሩ ውል እንዴት ተለወጠ

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር ያንኑ አሥራ አንድ ገጽ ውል ይዤ ከጸሐፊያችን ጋር ቁጭ አልን። የፈጀብን ግማሽ ቀን ነው። ምን እንደገጠመን ልንገራችሁ፤ እናንተንም ይገጥማችኋል።

መጀመሪያ ፋይሉን ቅጂ አደረግንና ዋናውን አልነካነውም። ይህን አትርሱ። ቅጂውን .docx አደረግነው። ከዚያ አሮጌውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ላይ አለፈ። አብዛኛው ጽሑፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተለወጠ። ጸሐፊያችን «ይኸው ነው እንዴ!» አለች። አልነበረም።

የጄኔሬተሩ ሞዴል በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው። ለዋጩ እሱንም አማርኛ አድርጎት «ሽቨጥ» የመሰለ ነገር ሆነ። ለዋጩ ምልክቶችን ብቻ እያየ ከለወጠ የእንግሊዝኛውን ቃል ከአሮጌው አማርኛ መለየት አይችልም፤ ከሥር ሁለቱም ላቲን ናቸው። የሚለያቸው የፎንቱ ስም ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያለበትን ቦታ ሁሉ ከታተመው ጋር አስተያይተን መለስነው።

የገጹ ራስጌና ግርጌ ጭራሽ አልተነኩም። ዓርማችን አጠገብ ያለው የጽሑፍ ሳጥንም እንዲሁ። እነዚህን በእጃችን ጻፍናቸው።

ከዚያ አራት ነጥብ። በአሮጌው ጊዜ አራት ነጥብን ብዙዎቻችን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነበር የምንጽፈው። ለዓይን አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የቃል መለያያ ነጥቦች ናቸው እንጂ አራት ነጥብ አይደለም። መስመር ላይ ሲያልቅም አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሊቀር ይችላል። Ctrl+H ተጭነን ይህን አደረግን።

```
Find what:     ፡፡
Replace with:  ።
```

በውሉ ውስጥ 143 ቦታ ተተካ። በእንግሊዝኛው :: የጻፋችሁም አላችሁ። እሱም በዚሁ መንገድ ይታረም።

ቀጥሎ የወደድኳት ዘዴ መጣች። Ctrl+A ብለን ሁሉንም መረጥንና ፎንቱን Noto Serif Ethiopic አደረግነው። ያልተለወጠ ነገር ካለ ወዲያው ልብሱ ወልቆ ላቲን ሆኖ ይታያል። በሠንጠረዡ ሦስተኛ ረድፍ ሁለት ቃል ተገኘ። በአንቀጽ 7 የግእዝ ቁጥር ነበር፤ ፬ መሆን የነበረበት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተገኘ። በአሮጌው አሠራር የግእዝ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሌላ ፎንት ስለሚቀመጥ ነው። ይህ ዘዴ ራስጌና ግርጌን እንደማይደርስ ግን ልብ በሉ፤ እነሱን ለብቻ ገብታችሁ እዩ።

መጨረሻ ላይ እሷ የታተመውን ጮክ ብላ አነበበች፣ እኔ ስክሪኑን ተከተልኩ። ብር ያለበትን ቦታ ሁለት ጊዜ፤ በአኃዝም በፊደልም። አሥራ አንዱ ገጽ አሥራ ሁለት ሆነ፤ አዲሱ ፎንት በመስመር መካከል ትንሽ ሰፋ ይላል። የፊርማው መስመር ብቻውን እንዳይቀር አንድ አንቀጽ ወደ ታች አወረድንለት።

አንድና ሁለት ገጽ የሆነ ደብዳቤ ከሆነ ግን ለዋጩን ተዉት። አዲስ ብትጽፉት ይፈጥናል።

ያለቀው ሲያልቅ፦ ፒዲኤፍ

ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ የትም ሲከፈት መልኩ አንድ ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶቻችሁ «አሮጌውን ፒዲኤፍ ብናደርገውስ፣ አለቀ አይደል?» ያላችሁኝ። ለንባብ አዎ፣ ይበቃል። ሐሙስ ዕለትም ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርጌ ስልክላት ነው ያነበበችው። ግን ከሥሩ ያው ዝባዝንኬ ነው። ከውስጡ አንድ መስመር ኮፒ ብታደርጉ ወይም «ጥገና» ብላችሁ ብትፈልጉ አማርኛውን አታገኙትም።

ወርድ ላይ ፒዲኤፍ ስታስቀምጡ Options የሚለውን ግቡና PDF/A compliant የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ ለረጅም ጊዜ ማኅደር የተዘጋጀ ዓይነት ነው፤ ፎንቱን ሳይዝ አይወጣም።

የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ስካን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ፎቶ ነው። ውስጡ ቃል የለም። ለማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለፍለጋ ግን አይጠቅምም። ስለዚህ ከስካኑ ጎን ከወርድ በቀጥታ የወጣውም ፒዲኤፍ አብሮ ይቀመጣል። ሁለት ፋይል መሆኑ አያሰልቻችሁ።

የቀሩት አሮጌዎቹ

ሁሉንም አንለውጥም። ይህን ሲሰሙ ጋሼ ትንፋሽ ሲያወጡ ይታየኛል። የሚለወጡት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ገና የሚሠራባቸው ውሎች፣ የሠራተኛ መተዳደሪያ ደንባችንና ደብዳቤ የምንቀዳባቸው ናሙናዎች። ናሙናዎቹ ይቀድማሉ። አንድ አሮጌ ናሙና ካለ ሰው ሁሉ እሱን እየቀዳ አሮጌውን ያራባዋል። የተቀሩት እንዳሉ ይቆዩ። መዝገብ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ አሮጌዎቹ ፎንቶች እንደተጫኑ ይቀራሉ፤ ማንም እንዳያጠፋቸው። ጋሼ፣ የዚያ ኮምፒውተር ቁልፍ የእርስዎ ነው።

ስለ ፋይል ስም አንድ ነገር ብቻ። በዩኒኮድ ፍለጋው ይሠራል ብያለሁ፤ ግን ኮምፒውተሩ ሞኝ ነው። ሒሳብ እና ሂሳብ ለእሱ ሁለት ቃል ናቸው። ጸሐፊ፣ ፀሐፊ፣ ፀሀፊ ሦስት ናቸው። የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ፣ የአ እና የዐ፣ የጸ እና የፀ ጣጣ በፎንት አይፈታም። ሰው በሰነዱ ውስጥ እንደለመደው ይጻፍ፤ አልጣላም። በፋይሉ ስም ላይ ግን አንድ እንሁን። ሒሳብ፣ ጽሕፈት ቤት፣ ዓመት፣ ሠራተኛ ብለን እንጽፋለን። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቁጥር ይቀድማል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን።

```
2017-13-05_ውል_ጄኔሬተር-ጥገና.docx
```

ጳጉሜንን 13 ብላችሁ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ አይከፋውም። ከነሐሴ ቀጥሎ በቦታው ይሰለፋል። ወሮቹን በቃል ከጻፋችኋቸው ግን በፊደል ተራ ይሰለፋሉና ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል።

እስከ ጥቅምት 1 ቀን ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ክፍት ነው። አንድ ሰነድ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንለውጠዋለን። ለሐዋሳ ደግሞ ዓርብ ጠዋት እደውላለሁ። ከጥቅምት 1 ቀን በኋላ ለፊርማ የሚመጣልኝን ደብዳቤ አንዱን አንቀጽ ቴሌግራም ላይ ለጥፌ አያለሁ። ዝባዝንኬ ከሆነ ሳልፈርም እመልሰዋለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቢሮው ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ጋሼ፣ ይኸኛውን በስልክዎ ይክፈቱት)